ራውተሩ ዘበኛ እንጂ ሞግዚት አይደለም

ለልጁ ታብሌት የሰጠ ወላጅ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ልጁ በሰዓቱ እንዲያቆም ነው። ሁለተኛው የማይሆን ነገር እንዳያይ ነው። ብዙ ወላጆች ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ይቆጥሩና «ራውተሩ ላይ ቆልፌዋለሁ» ብለው ይተኛሉ። ስህተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሳሎን ጥግ መብራቱን እያብለጨለጨ የተቀመጠው ሳጥን የመጀመሪያውን ሥራ ከማንም ሰው በተሻለ ይሠራል። ሁለተኛውን ግን ከሞላ ጎደል አይችልም። ዘበኛ በሩ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ያውቃል፤ ማን እንደገባም ያያል። የገባው ሰው በጉያው ምን እንደያዘ ግን አያውቅም። ራውተርም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱ ለራውተሩ ይሰጥ፤ ይዘቱ ከወላጅ እጅ አይውጣ። ራውተሩ የሰዓት ሥራውን በትክክል እንዲሠራ ደግሞ ወላጅ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። ያ ጥቂት ነገር ሳይታወቅ የተቀመጠ ቁልፍ ከሌለ ቁልፍ ይብሳል። ልጁ በሳምንቱ ቀዳዳውን ያገኘዋል፤ ወላጁ ግን ቤቱ እንደተዘጋ እያመነ ይኖራል።

ሰዓቱ ለምን ለሳጥኑ ይሰጣል?

በየቤቱ የሚታወቅ ክርክር አለ። እናት «በቃ፣ አስቀምጠው» ትላለች። ልጅ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይላል። አምስት ደቂቃው አሥራ አምስት ይሆናል፤ ታብሌቱ ከእጁ ይነጠቃል፤ ልቅሶ ይነሳል፤ አያት «ተይው እንግዲህ፣ ልጅ አይደል?» ይላሉ፤ ታብሌቱ ይመለሳል። በማግስቱ ልጁ የሚያስታውሰው ሕጉን ሳይሆን ሕጉ በስንት ደቂቃ ልቅሶ እንደሚሻር ነው።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚዘጋ ኢንተርኔት ግን የሚለመን ፊት የለውም። እናት ደክሟት ስለመጣች ቀደም ብሎ አይዘጋም፤ አባት እንግዳ ስላለው አይረሳም። ልጁ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ለዚያም ይዘጋጃል። የቤቱ ሰው ከፖሊስነት ይገላገላል። ይህ ጥቅም እውነተኛ ስለሆነ ራውተሩን «የቴክኖሎጂ ጣጣ» ብሎ መተው አያዋጣም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ልጁ ሕጉን አስቀድሞ ካወቀ ነው። ሳይነገረው በድንገት የሚዘጋ ኢንተርኔት ለልጁ ብልሽት ነው። ብልሽት ደግሞ የሚከበር ሳይሆን የሚጠገን ነገር ነው። ሊጠግነውም ይሞክራል።

አንድ ቤት እንውሰድ

ሰሚት አካባቢ አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። ልጃቸው 10 ዓመቱ ነው፤ 4ኛ ክፍል ይማራል። አንድሮይድ ታብሌት አለው። የቤት ሥራው በቴሌግራም ግሩፕ ስለሚላክ ኢንተርኔቱን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም። ወላጆቹ የወሰኑት ይህን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ክፍት ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ሌላው ጊዜ ዝግ ነው።

አባት ስልኩን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ያገናኝና ብሮውዘሩ ላይ የራውተሩን አድራሻ ይጽፋል። ብዙ ጊዜ `192.168.1.1` ነው፤ በአንዳንድ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች ላይ `192.168.100.1`፣ በብዙ ቲፒ-ሊንኮች ላይ ደግሞ `192.168.0.1` ይሆናል። ትክክለኛው አድራሻ፣ የመግቢያ ስሙና ፓስዎርዱ ብዙውን ጊዜ ሳጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ከገባ በኋላ የሚፈልገው `Parental Control` የሚለውን ገጽ ነው። እንደ ሳጥኑ ዓይነት `Security` በሚለው ሥር ወይም ለብቻው ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የዋይፋይ ፓስዎርድ እና የራውተሩ መግቢያ ፓስዎርድ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ያስገባል፤ ሁለተኛው የቤቱን ሕግ ይለውጣል። የዋይፋዩን በየጊዜው የሚቀይር ወላጅ ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ሳጥኑን ገልብጦ ወረቀቱን ማንበብ አያቅተውም። ስለዚህ ከማንኛውም የሰዓት ገደብ በፊት የሚቀድመው ሥራ የመግቢያውን ፓስዎርድ መለወጥ ነው። አዲሱም የልጁ የልደት ቀን ወይም የአባት ስልክ ቁጥር መሆን የለበትም።

አንዳንድ ከአገልግሎት ሰጪ የሚመጡ ሳጥኖች ለተራ ተጠቃሚ ሁሉንም ገጽ አያሳዩም። እንዲህ ከሆነ ሌላ ራውተር ገዝቶ ከኋላው መሰካት ይቻላል። ግን የአሮጌውን ሳጥን ዋይፋይ ማጥፋት ግድ ነው። ያ ካልሆነ አዲሱ በር ተዘግቶ አሮጌው በር እንደተከፈተ ያድራል።

የእኛ ሰዓትና የሳጥኑ ሰዓት

የመጀመሪያው ወጥመድ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ይህ ወጥመድ ለኢትዮጵያዊ ወላጅ የተለየ ነው። ራውተሩ የሚያውቀው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ብቻ ነው። ለቀን ሰዓት 6 ይደመራል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት `17:00` ይሆናል። ለማታ ሰዓት 18 ይደመራል፤ ማታ 2 ሰዓት ተኩል `20:30` ይሆናል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ግን 6 ይቀነሳል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል `02:30` ነው። ሳያስብ `2:30` ብሎ የጻፈ አባት ዘበኛውን ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን እንዲዘጋ አዞታል ማለት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ይምታታል። ለሳጥኑ ቅዳሜ የሚጀምረው ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ግን ያንን ሌሊት ገና የዓርብ ማታ እንለዋለን። ዓርብ ማታ ልጁ ቆይቶ እንዲያመሽ የሚፈቅድ ቤተሰብ ዓርብን ለብቻው ማስተካከል አለበት። «ቅዳሜና እሑድ» የሚለው ምርጫ የዓርብን ማታ አይጨምርም።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት ቀጠናው ነው። ሳጥኑ የአዲስ አበባ ሰዓት እንዲይዝ `GMT+03:00` መመረጥ አለበት። በዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስም ከሌለ ናይሮቢ የሚለው ያው ነው። ይህ ሳይስተካከል ሲቀር የሚደርሰው ስህተት ራሱ መንስኤውን ይናገራል። የሰሚቱ አባት ሕጉን በትክክል ጽፎ ሳጥኑ ግን በግሪንዊች ሰዓት ላይ እንዳለ ቢቀር፣ ሁሉም ነገር 3 ሰዓት ይዘገያል። ልጁ 11 ሰዓት ላይ ለቤት ሥራው ኢንተርኔት ያጣል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይከፈትለታል፤ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩልም ክፍት ይሆናል። ሳጥኑ የቻይናን ሰዓት ይዞ ከቀረ ደግሞ 5 ሰዓት ይቀድማል። ኢንተርኔቱ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ «ፓረንታል ኮንትሮሉ አይሠራም» ከማለት በፊት በስንት ሰዓት እንደተዛነፈ መቁጠር ይጠቅማል። 3 ወይም 5 ከሆነ ሳጥኑ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው አገሩ ነው።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። አብዛኛው የቤት ራውተር ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዳንዱ እ.ኤ.አ. 1970 ላይ ነኝ ብሎ ይነሳል። ትክክለኛውን ሰዓት የሚያገኘው ከኢንተርኔት ሲጠይቅ ነው። ይህ አገልግሎት በሳጥኑ ገጽ ላይ `NTP` ወይም `SNTP` በሚል ስም ይታያል፤ መብራቱ በሄደ ቁጥር ሕጉ እንዳይዛባ ይህ መብራት አለበት። መብራት ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ሰዓቱን ከእጅ ሰዓት ጋር ማነጻጸር በቂ ምርመራ ነው።

ፍቀድ ወይስ ከልክል?

አንዳንድ ሳጥኖች የሚጠይቁት ኢንተርኔት የሚፈቀድበትን ሰዓት ነው፤ ሌሎቹ የሚከለከልበትን። ሁለቱ ሠንጠረዦች ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ። ተገልብጦ የተሞላ ሠንጠረዥ ልጁን ቀን ከልክሎ ሌሊት ሙሉ ይለቀዋል። የሚፈቅደው ዓይነት ከሆነ የሰሚቱ ቤት ሥራ ሁለት መስመር ብቻ ነው። የሚከለክለው ዓይነት ከሆነ ግን ብዙዎቹ ሳጥኖች እኩለ ሌሊትን የሚሻገር መስመር አይቀበሉም፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ መሆን አለበት ይላሉ። ስለዚህ ሌሊቱ ለሁለት ይከፈላል፦

```
Mon-Fri  00:00 - 17:00
Mon-Fri  20:30 - 23:59
Sat-Sun  00:00 - 09:00
Sat-Sun  21:00 - 23:59
```

ካስቀመጡ በኋላ መሞከር ግድ ነው። አባት ለሙከራ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚጀምር ክልከላ ያስገባና ታብሌቱን ይዞ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ እየታየ ያለው ቪዲዮ ወዲያው ባይቆም መደናገጥ የለበትም። ቪዲዮ ወደፊት የሚታየውን ክፍል አስቀድሞ ስለሚያወርድ ጥቂት ሊቀጥል ይችላል። አንዳንድ ራውተሮችም የተጀመረን ግንኙነት እስኪያልቅ ይተዉታል። ትክክለኛው ፈተና አዲስ ገጽ መክፈት ነው። አዲስ ገጽ ከተከፈተ ሕጉ አልያዘም።

ስሙን የሚቀይር ታብሌት

ሁለተኛው ትልቅ ወጥመድ የማክ አድራሻ ነው። ራውተሩ ሕጉን የሚያውለው በልጁ ላይ ሳይሆን በአንድ ቁጥር ላይ ነው። ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው። አባት በ`Parental Control` ገጹ ላይ የታብሌቱን ማክ አድራሻ ይመርጣል፤ ዘበኛውም ይህን መለያ የያዘውን ብቻ ይከለክላል።

ድሮ ይህ መለያ ከፋብሪካ ወጥቶ የማይለወጥ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 10 ጀምሮ ግን መሣሪያው በየዋይፋዩ የተለየ የውሸት መለያ እንዲያሳይ ተደርጓል። የአፕል ስልኮችና አይፓዶችም በ2020 እ.ኤ.አ. ተከትለዋል። ዓላማው ክፉ አይደለም። ሰው በየካፌውና በየሆቴሉ ዋይፋይ ሲገናኝ በአንድ ቁጥር እየተከታተሉ ማን የት እንደዋለ እንዳይመዘግቡት ነው። ቤት ውስጥ ግን ይህ ጥበቃ ለልጁ ሁለተኛ መታወቂያ ይሆነዋል። በታብሌቱ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ `Privacy` የሚል ምርጫ አለ። ልጁ ከ`Use randomized MAC` ወደ `Use device MAC` ወይም በተቃራኒው ሲቀይረው፣ ለራውተሩ አዲስ እንግዳ ሆኖ ይቀርባል። ዘበኛው የተከለከለውን ስም እየጠበቀ ልጁ በሌላ ስም ሰላም ብሎት ያልፋል። ይህንን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ፈልጎ ለማግኘት ብዙ ድካም የለውም፤ ባይፈልገውም የክፍል ጓደኛው ይነግረዋል።

የትኛው መለያ የውሸት እንደሆነ በዓይን ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛው ፊደል ወይም ቁጥር ይታይ። 2፣ 6፣ `A` ወይም `E` ከሆነ የተፈጠረ መለያ ነው። ለምሳሌ `9A:4F:21:7C:05:E3` የሚለው ሁለተኛ ቦታው `A` ስለሆነ የፋብሪካ መለያ አይደለም። ወላጅ ማድረግ ያለበት ታብሌቱ ላይ ሁለቱንም ምርጫ በየተራ አድርጎ ሁለቱንም መለያዎች ራውተሩ ላይ መመዝገብና አንድ ዓይነት ሕግ መስጠት ነው። ከሳምንት በኋላም የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ከፍቶ ማየት ይጠቅማል። ቤት ውስጥ አምስት መሣሪያ እያለ ስድስት ከታየ፣ ስድስተኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለልጁ የራሱ በር

ይህ የመለያ ድብብቆሽ የሚያደክመው ቤት ሌላ፣ የበለጠ ጠንካራ መንገድ አለው። ብዙ ራውተሮች ከዋናው ሌላ ሁለተኛ የዋይፋይ ስም መክፈት ይችላሉ፤ አንዳንዴ `Guest Network` ይባላል። ልጁ የሚያውቀው የሁለተኛውን ፓስዎርድ ብቻ ይሆናል። ሳጥኑ የዋይፋይ ሰዓት መወሰኛ ካለው ይህ ስም ራሱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይጠፋል። የሚጠፋው በሩ ስለሆነ ታብሌቱ በየትኛውም መታወቂያ ቢመጣ ለውጥ የለውም። በሩን እንጂ ሰውን ማሳደድ አያስፈልግም።

ይህ መንገድ የሚፈርሰው የዋናው ዋይፋይ ፓስዎርድ ሲያመልጥ ነው። ልጁ እስካሁን የሚያውቀው ፓስዎርድ ስለሆነ መጀመሪያ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ዋናው ቀዳዳ የእናት ስልክ ነው። በአዳዲስ አንድሮይዶች ላይ የዋይፋዩን ስም ነክቶ `Share` የሚለውን ሲጫኑ ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ፓስዎርዱ ከሥሩ ተጽፎ ይታያል። ስልኩ ይህን ከማሳየቱ በፊት የጣት አሻራ ወይም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ግን የእናቱን ስልክ መክፈቻ የማያውቅ ልጅ ስንት አለ? የቤቱ የኢንተርኔት ሕግ ጥንካሬ በመጨረሻ የሚለካው በእናት ስልክ መክፈቻ ነው።

ሌላም ቀዳዳ አለ፤ እሱ ደግሞ ራውተሩን ጨርሶ አያልፍም። የታላቅ ወንድም ስልክ ሆትስፖት፣ የጎረቤት ዋይፋይ፣ ታብሌቱ ውስጥ ያለ ሲም ካርድ። የእነዚህ መንገድ ሌላ ስለሆነ ዘበኛው ሊያያቸው አይችልም። ይህ በቅንብር አይፈታም፤ የቤቱን ሰው ሰብስቦ «ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ለእሱ ሆትስፖት አይከፈትም» ብሎ በመስማማት ነው የሚፈታው። ታላቅ ወንድም ያልተስማማበት ሕግ ሕግ አይደለም።

ሳጥኑ የማያየው

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍላጎት እንምጣ። ብዙ ራውተሮች የተከለከሉ አድራሻዎች የሚጻፉበት ሰንጠረዥ አላቸው። ወላጅ መጥፎ የሚላቸውን ቃላትና ድረ ገጾች እየጻፈ ይሞላዋል። ይህ መሣሪያ የተሠራው ድረ ገጾች እንደ ፖስታ ካርድ ክፍት ሆነው በሚላኩበት ዘመን ነው። ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄድ፤ የ`https` ትርጉም ይኸው ነው። ራውተሩ ቢበዛ ፖስታው ወደ ማን እንደሚሄድ ያውቃል፤ ውስጡ የተጻፈውን አያነብም። ስለዚህ ዩቲዩብን በሙሉ መዝጋት ይቻላል፤ ከዩቲዩብ ውስጥ አንዱን ቪዲዮ ለይቶ መዝጋት ግን አይቻልም። አስተማሪው የላከው የሒሳብ ትምህርትም እዚያው ዩቲዩብ ላይ ነው።

ከዚህ የተሻለው የዲኤንኤስ ማጣሪያ ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር የስልክ ማውጫ ማለት ነው። ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወሲብ ድረ ገጾችን ቁጥር የማይሰጥ ነጻ ማውጫ አቅርቧል። በራውተሩ የ`DHCP` ገጽ ላይ የመጀመሪያው ዲኤንኤስ `1.1.1.3`፣ ሁለተኛው `1.0.0.3` ተብሎ ሲጻፍ በቤቱ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይህን ማውጫ ይጠቀማል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ ማድረጉ ይመከራል፤ በተለይ ትንሽ ልጅ ሳያስበው ከሚገባበት አደጋ ያድናል።

ከሚፈልግ ልጅ ግን አያድንም። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ታብሌቱ ላይ `Private DNS` የሚል ምርጫ አለ፤ እዚያ ላይ የሌላ ማውጫ ስም የጻፈ ልጅ የራውተሩን ትእዛዝ ይዘላል። ቪፒኤንም ያው ነው። በኢትዮጵያ ማኅበራዊ ሚዲያ በተዘጋባቸው ጊዜያት ስንቱ ቤተሰብ ቪፒኤን እንደጫነ ይታወሳል። አባቱ ሲጠቀምበት ያየ ልጅ ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም።

ትልቁ ክፍተት ደግሞ በጣም የምንጠቀምበት ነው፤ ቴሌግራም። ፊልሙም፣ ሙዚቃውም፣ ነውሩም በቻናል ይሠራጫል። ለዲኤንኤሱ ማጣሪያ ግን ሁሉም አንድ ስም ነው። የሒሳብ የቤት ሥራውን ያመጣው መስመርና ለልጅ የማይሆነውን ቪዲዮ ያመጣው መስመር አይለዩም። ቴሌግራምን መዝጋት የቤት ሥራውን መዝጋት ነው፤ ቴሌግራምን መክፈት ሁሉንም መክፈት ነው። ይህን የሚለይ የራውተር ገጽ የለም። የሚለየው የልጁን የቻናል ዝርዝር አብሮት ቁጭ ብሎ የሚያይ ወላጅ ነው።

በመጨረሻም አስቀድሞ የወረደ ፊልምና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም አለ። ራውተሩ የሚዘጋው መንገዱን እንጂ ታብሌቱን አይደለም። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ልጁ ከብርድ ልብስ ሥር እስከ 5 ሰዓት ሊጫወት ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የታብሌቱ የራሱ የሰዓት ገደብ ነው። ከዚህም የሚቀለው ታብሌቱ ሌሊት ቻርጅ የሚደረገው ሳሎን ውስጥ ብቻ ነው የሚል ሕግ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ አንዳንዴ ከብዙ ቅንብር ይበልጣል።

«ልጁ ይፈታዋል» ለሚሉ

ይህን ሁሉ የሚያነብ ወላጅ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ልጁ በመጨረሻ ይፈታዋል» ሊል ይችላል። መቃወሚያው ባዶ አይደለም። ሳጥኑ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ይቻላል። እንዲህ ሲደረግ ሕጉ ሁሉ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው የመስመር መግቢያ ስምና ፓስዎርድም አብሮ ይሰረዛል፤ ባለሙያ እስኪያስተካክለው ቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት ያጣል። ልጁ ይህን አድርጎ ሊደበቅ አይችልም።

ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ግቡ የማይሰበር ቁልፍ ማግኘት አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ቁልፍ ለቤት አልተሠራም። ግቡ ሕጉ ግልጽ እንዲሆንና ሲጣስ እንዲታወቅ ነው። ሁለት መለያ የተመዘገበበት ወይም የራሱ በር የተሰጠው ልጅ በቸልታ ሊያልፈው የሚችል ክፍተት የለውም። ካለፈ ዐውቆ፣ አስቦ፣ ከእናቱ ስልክ ወስዶ ነው ያለፈው። ያኔ በወላጅና በልጅ መካከል የሚነሳው ጥያቄ የቴክኒክ ሳይሆን የመታመን ይሆናል። ስለ መታመን መነጋገር ደግሞ የወላጅ ሥራ ነው፤ ለሳጥን አይሰጥም።

ሰዓቱም ለዘላለም አንድ ሆኖ አይቀርም። ለ10 ዓመት ልጅ የሚበጀው 2 ሰዓት ተኩል ለ14 ዓመቷ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አይሆንም። ፈተና ሲቃረብ ማታ ላይ የምታጠናው በዚሁ ኢንተርኔት ነው። በየዓመቱ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ከልጅ ጋር ተቀምጦ ሕጉን መከለስ፣ ዕድሜ ሲጨምር ገመዱን ማላላት ያስፈልጋል። ሳይላላ የቆየ ገደብ ልጅን የሚያስተምረው ሰዓት ማክበርን ሳይሆን መሸሽን ነው።

የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ማየት አንድ ነገር ነው። ልጁ የገባባቸውን ድረ ገጾች እየቆጠሩ በድብቅ ማንበብ ግን ሌላ ነው። አንዳንድ ራውተሮች ይህን መዝገብ ያቀርባሉ፤ ብዙ ወላጆችም ይፈተናሉ። መዝገቡ የሚያሳየው የድረ ገጾችን ስም ብቻ ነው፤ ልጁ እዚያ ምን እንዳየ፣ ለምን እንደገባ አይናገርም። በስሙ ብቻ የተከሰሰ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እውነት የሚያስደነግጥ ነገር ሲያጋጥመው ለወላጁ ለመናገር ይፈራል። ያ ዝምታ ማንኛውም ማጣሪያ ከሚያስቀረው አደጋ ይከፋል።

ሳጥኑ የተሰጠውን ሰዓት ጠብቆ በር ይክፈት፣ ይዝጋ፤ ለዚህ ይበቃል፤ ሰዓቱን፣ መለያውንና ፓስዎርዱን ላስተካከለለት ወላጅም በታማኝነት ያገለግላል። በሩ ክፍት በሆነባቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ልጁ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ግን ገና ገጽ የሚጫንበት አድራሻ አልተሠራለትም። ያ ሥራ አጠገቡ መቀመጥን ይጠይቃል።